የመጣው ሪኤጀንት ከሰርተፊኬቱ በታች ሲሆን ለአቅራቢው ኢሜይል እንዴት ይጻፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ውስጥ አንዲት ትንሽ የውሃ ላብ ነው የምመራው። ባለፈው ሰኔ አንድ ሎት ኢዲቲኤ ገዝተን ፒዩሪቲው ሰርተፊኬቱ ላይ ከተጻፈው ወርዶ ተገኘ፣ ከአቅራቢው ጋር በኢሜይል ተከራክረን እቃው ተቀየረልን። ከዛ በኋላ ሌላ ላብ ያሉ ልጆች "ያንን ኢሜይል ላክልኝ" እያሉ ይደውሉልኛል፣ ግን ኢሜይሉ ብቻውን ብዙም አይጠቅማቸውም ምክንያቱም ዋናው ስራ ኢሜይሉ ከመጻፉ በፊት ያለው ነው፣ ስለዚ ሁሌ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት ታወቀ?

እኛ ከፎገራና ከደራ የሚመጣ የጉድጓድ ውሃ ሃርድነስ እንለካለን፣ በኢዲቲኤ ታይትሬሽን ነው። አዲስ ሶሉሽን በተዘጋጀ ቁጥር በካልሲየም ካርቦኔት ስታንዳርዳይዝ ይደረጋል፣ ይሄ የላባችን ደንብ ነው። ቴክኒሻናችን አዲሱን ጠርሙስ ከፍታ 0.01 ሞላር አዘጋጀች፣ ስታንዳርዳይዝ ስታደርገው 0.00962 መጣባት። ደግማ ሰራችው፣ ያው ነው። ብዙ ላብ ውስጥ እዚህ ጋ ፋክተሩ ደብተር ላይ ይጻፍና ስራው ይቀጥላል፣ እሷ ግን መጥታ "ይሄ ዱቄት ልክ አይደለም" አለችኝ። ሰርተፊኬቱን አውጥተን አየነው፤ አሴይ 99.4 በመቶ ይላል፣ የሚፈቀደው ከ99.0 እስከ 101.0 ነው። እኛ ያገኘነው 96.2 አካባቢ ነው። ያዘዝነው ደግሞ ባለ 500 ግራም 12 ጠርሙስ ነበር።

ፋክተር ካለ እኮ ውጤቱ ልክ ይመጣል፣ ታዲያ ለምን ትጨቃጨቃላችሁ?

ጥያቄው ትክክል ነው፣ እውነቱን ለመናገር ሃርድነሱ ይድናል። ሶሉሽኑ ደከም ቢልም ትክክለኛውን ሞላሪቲ ካወቅከው ሂሳቡ ያስተካክለዋል። ስታንዳርዳይዝ የማያደርግ ላብ ግን ጉዳት አለበት፣ 0.01 ነው ብሎ ከሰራበት ቢዩሬቱ ብዙ ስለሚወርድለት ውጤቱን ወደ 4 በመቶ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወጣው፣ 200 ሚሊግራም በሊትር የሆነው ውሃ 208 ይባላል።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ከ100 ግራም ውስጥ 4 ግራም የሚጠጋው ኢዲቲኤ አይደለም፣ ታዲያ ምንድነው? ያ ኢዲቲኤ ለሃርድነስ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው፣ አንዳንዴ ለሌላ ስራም እንወስደዋለን፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ዱቄት እዛ ሲገባ የሚያርመው ፋክተር የለም። በዛ ላይ የከፈልነው ለ99 ነው።

ኢሜይል ከመላኬ በፊት ጥፋቱ የኔ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ። አቅራቢው ኢሜይሉን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ልካችሁ ስህተት ነው ብሎ ነው፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

ታይትሬሽን ላይ ፒዩሪቲን ዝቅ አድርገው የሚያሳዩ ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የተጣራ ውሃው ነው። ዲስቲለሩ ደክሞ ውሃው ውስጥ ካልሲየም ካለ ኢዲቲኤው ሶሉሽን ሲሆን ከዛ ካልሲየም ጋር ይያያዝና የቀረው ነው የሚለካው። እኛ ጋ ጎደለ ያልነውን ያህል ለማጉደል ውሃው በሊትር ወደ 34 ሚሊግራም ሃርድነስ ሊኖረው ይገባል፣ ይሄ ማለት ዲስቲለሩ ጭራሽ አይሰራም ማለት ነው፣ ግን ሆኖ ያውቃል ስለዚ ኮንዳክቲቪቲውን ለኩት። ሁለተኛው ኢንዲኬተሩ ነው፤ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ ካልሲየም ብቻ ባለበት ለውጡ ደብዛዛ ነው፣ በፈሩ ውስጥ ትንሽ ማግኒዥየም ከሌለ ከወይን ጠጅ ቀለም ወደ ሰማያዊ ሲሄድ አይን ይወዛገባል፣ ሰው "ትንሽ ይቀረዋል" እያለ ይጨምራል፣ ቮልዩሙ ከፍ ይላል፣ ፒዩሪቲው የወረደ ይመስላል። ሶስተኛው ካልሲየም ካርቦኔቱ ራሱ ነው። 110 ዲግሪ ላይ ደርቆ ዴሲኬተር ውስጥ ቀዝቅዞ መመዘን አለበት፣ በአሲድ ከሟሟ በኋላም ጋዙ እንዲወጣ መፍላት አለበት። በፈር ከገባ በኋላ ደግሞ ታይትሬሽኑን አምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ፣ ከቆየ ካልሲየሙ መዝቀጥ ይጀምራል። ሚዛኑም አለ፣ እኛ ጋ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሚዛኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳናቆየው አንመዝንበትም።

እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ማስረዳት ይቻላል ግን አንድ ስራ አለ ሁሉንም በአንዴ የሚዘጋ። የድሮውን ሎት አጠገቡ አድርጋችሁ ስሩት። በዛው ቀን፣ በዛው ውሃ፣ በዛው በፈር፣ በዛው ቢዩሬት፣ በአንድ ሰው እጅ። ከቀድሞው ሎት ግማሽ ጠርሙስ ቀርቶን ነበር፣ 99.6 ሰጠን። ውሃው ወይ በፈሩ ችግር ቢኖርበት የድሮውንም ያወርደው ነበር። ያቺ ግማሽ ጠርሙስ ባትኖር ክርክሩን የምናሸንፍ አይመስለኝም፣ ስለዚ አሁን ከእያንዳንዱ ሎት 50 ግራም ሳይነካ እናስቀምጣለን።

ስንት ጊዜ ልስራው? ሶስት ጊዜ ታይትሬት አድርጌያለሁ፣ አይበቃም?

እንዴት እንደሰራኸው ይወሰናል። ከአንድ ሶሉሽን ሶስት ጊዜ ወስደህ ታይትሬት ካደረግክ የፈተንከው ቢዩሬቱንና አይንህን ነው። መጀመሪያ ስትመዝን ስተህ ከሆነ ሶስቱም እኩል ስህተት ይሆናሉ፣ በጣም ተቀራራቢ መሆናቸው ደግሞ ያታልልሃል። እኛም መጀመሪያ እንደዛ ነው የሰራነው፣ በኋላ ነው የገባን። ሶስት ጊዜ ለየብቻ መዝነህ በሶስት ፍላስክ አዘጋጅ፣ እያንዳንዱን ታይትሬት አድርግ። አዲሱ ጠርሙስ እንደዛ ሲሰራ 96.1፣ 96.2 እና 96.3 ሰጠን።

ከዛ ከዛው ሎት ያልተከፈተ ሌላ ጠርሙስ ምረጥ፣ ሲከፈት ፎቶ አንሳ። የኛ ሁለተኛ ጠርሙስ አማካዩ 96.3 ነበር። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም አቅራቢው ሲመልስልህ ይገባሃል።

ሂሳቡን በቀላሉ ታሳየኛለህ?

የካልሲየም ካርቦኔቱ ስታንዳርድ በሊትር 1.000 ግራም ነው። ከሱ 25.00 ሚሊሊትር በፒፔት ተወሰደ። ኢዲቲኤው ዳይሶዲየም ዳይሃይድሬት ነው፣ ሞለኪውላር ክብደቱ 372.24፣ 0.9308 ግራም ተመዝኖ በ250 ሚሊሊትር ፍላስክ ተሞላ። ዱቄቱ መቶ በመቶ ንጹህ ቢሆን ከቢዩሬቱ መውረድ ያለበት 24.97 ሚሊሊትር ነው። ብላንኩ ተቀንሶ የወረደው ግን 25.96 ነው።

```
24.97 / 25.96 = 0.962  →  96.2 %
```

በቃ ይሄው ነው። ክላስ ኤ የሆነ 25 ሚሊሊትር ፒፔት ልዩነቱ ቢበዛ 0.03 ሚሊሊትር ነው፣ የ50 ሚሊሊትር ቢዩሬት ደግሞ 0.05፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተደምሮ ቢሳሳት እንኳ ወደ 0.3 በመቶ ነው የሚመጣው። የኛ ጉድለት ከሚፈቀደው ዝቅተኛ እንኳ 2.8 ይወርዳል። ያንተ ግን 98.8 መጥቶ ከሆነ ቆይ፣ አትጻፍ፣ በዚህ ዘዴ 98.8ን ከ99.0 ለይቶ መከራከር አይቻልም።

ሰርተፊኬቱ ላይ ምን ምን ልይ?

ከሁሉ በፊት የሎት ቁጥሩን። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥርና ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው አንድ መሆኑን በጣትህ እየተከተልክ አንብበው፣ ሰው የሌላ ሎት ሰርተፊኬት ይዞ ሲከራከር አይቻለሁ። ቀጥሎ የትኛው ኢዲቲኤ እንደሆነ፣ ውሃ የሌለው አይነት ሞለኪውላር ክብደቱ 336.2 ስለሆነ በዛኛው ካሰላኸው ሁሉ ነገር ይበላሻል።

ከዛ አሴዩ እንዳለ የተሰራ ነው ወይስ ደርቆ የሚለው። ደርቆ ከሆነ አንተ ሳታደርቀው ካገኘኸው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ለዚህ ነው እኛ እርጥበቱንም የለካነው፤ 80 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆይተን 0.2 በመቶ ብቻ ቀነሰ። ሙቀቱን ከዛ አታብዙት፣ ዳይሃይድሬቱ ውስጥ ያለው የራሱ ውሃ፣ ከክብደቱ ወደ 9.7 በመቶ የሚሆነው፣ መውጣት ከጀመረ ልኩ ትርጉም የለውም። 0.2ቱን ብናስብ እንኳ 96.2 ወደ 96.4 ነው የሚወጣው፣ 99 አይደርስም።

እሺ ኢሜይሉን አሳየኝ

የላክነው ይሄ ነው፣ የድርጅቱን ስምና ቁጥሮቹን አውጥቻለሁ።

ርዕስ፦ የጥራት ቅሬታ፤ ኢዲቲኤ ዳይሶዲየም ዳይሃይድሬት፣ ሎት ቁጥር …፣ የግዥ ትዕዛዝ ቁጥር …፤ አሴይ ከሰርተፊኬቱ በታች

ለሽያጭና ጥራት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። ከላይ በተጠቀሰው የግዥ ትዕዛዝ ከድርጅታችሁ የገዛነው ባለ 500 ግራም 12 ጠርሙስ ኢዲቲኤ ሰኔ 9 ደርሶናል። አብሮ በመጣው ሰርተፊኬት ላይ አሴዩ 99.4 በመቶ፣ የሚፈቀደውም ከ99.0 እስከ 101.0 በመቶ ተብሎ ተገልጿል። በላቦራቶሪያችን ከሰኔ 16 እስከ 18 ባደረግነው ምርመራ ግን ያገኘነው 96.2 በመቶ ነው።

ምርመራው በካልሲየም ካርቦኔት ስታንዳርድ፣ በፒኤች 10፣ በኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የተሰራ ሲሆን ሶስት ጊዜ ለየብቻ ተመዝኖ ነው። ከዚሁ ሎት ሳይከፈት የነበረ ሁለተኛ ጠርሙስ 96.3 በመቶ ሰጥቷል። በተመሳሳይ ቀንና በተመሳሳይ ኬሚካሎች የተሰራው የቀድሞ ሎታችን 99.6 በመቶ ሆኗል። በ80 ዲግሪ የለካነው እርጥበት 0.2 በመቶ በመሆኑ ልዩነቱን አያብራራም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ አምራቹ ከዚህ ሎት ያስቀመጠውን ናሙና እንደገና መርምሮ ውጤቱንና የተጠቀመበትን ዘዴ እንድትልኩልን። ሁለተኛ፣ ጠርሙሶቹ ከአምራቹ እንደታሸጉ የመጡ ናቸው ወይስ እዚህ አገር ተከፋፍለው የታሸጉ እንደሆነ በጽሑፍ እንድትገልጹልን። ሶስተኛ፣ 12ቱም ጠርሙስ በሌላ ሎት እንዲቀየርልን፣ የማጓጓዣ ወጪውም በእናንተ እንዲሸፈን።

ሁለቱ የተከፈቱትና አስሩ ያልተከፈቱት ጠርሙሶች ለብቻቸው ተቀምጠዋል፣ አንጠቀምባቸውም። መጥታችሁ ማየትም ሆነ ናሙና መውሰድ ትችላላችሁ፣ ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ በሁለታችንም ማህተም ቢታሸግ እንመርጣለን። እስከ ሰኔ 30 መልሳችሁን እንጠብቃለን።

የጠርሙሱና የማሸጊያው ፎቶ፣ የሰርተፊኬቱ ቅጂ፣ የሚዛንና የታይትሬሽን መዝገቡ ገጾች እንዲሁም የሚዛኑ የካሊብሬሽን ሰርተፊኬት ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
የላቦራቶሪው ኃላፊ

"አታላችሁናል" ወይ "ባዕድ ነገር ቀላቅላችኋል" የሚል ለምን የለም?

ስለማናውቅ። እኛ የለካነው ኢዲቲኤው ስንት እንደሆነ ነው፣ የቀረው ምን እንደሆነ አልለካንም። ምክንያቱን ከገመትክ ክርክሩ ወደ ግምትህ ይዞራል፣ እነሱ ግምትህን ያፈርሱና ቁጥሩም አብሮ የወደቀ ይመስላል። በዛ ላይ ኢሜይሉን የሚያነበው የሽያጭ ልጅ ኬሚስት ላይሆን ይችላል፣ ፎርዋርድ የሚያደርገው ለአለቃው ከዛም ለአምራቹ ነው፣ ስድብ ያለበት ኢሜይል ደግሞ ፎርዋርድ አይደረግም። ውስጤ ተቃጥሎ ነበር፣ የመጀመሪያውን ድራፍት ለባልደረባዬ ሳሳየው ሶስት ዓረፍተ ነገር ሰረዘልኝ፣ ጥሩ አደረገ።

የሚፈለገውን ነገር ግን በግልጽ ጻፉ። "አስፈላጊውን እንድታደርጉልን" ብሎ የሚጨርስ ደብዳቤ ይበዛል፣ እንደዛ ከጻፍክ አስፈላጊ የሆነውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ ለኛ ለምሳሌ መጀመሪያ የቀረበልን ቅናሽ ነበር።

ብዙ ጊዜ ምን ብለው ይመልሳሉ?

የመጀመሪያው መልስ አቀማመጥ ነው። "ክረምት ገብቷል፣ ባህር ዳር ደግሞ ሀይቅ ዳር ነው፣ እርጥበት ይዞት ይሆናል" አሉን። ያልተከፈተው ሁለተኛ ጠርሙስና የ0.2 በመቶዋ እርጥበት የሚጠቅሙት ለዚህ ነው፣ መልሳችን ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ይሄ ዱቄት ደግሞ እርጥበት እንደ ጨው የሚስብ አይነት አይደለም።

ሁለተኛው "አምራቹ የሚጠቀመው ዘዴ ከናንተ ይለያል" የሚለው ነው። ሊለይ ይችላል፣ ስለዚ ዘዴውን ላኩልን በላቸው። ስለኢዲቲኤ ከሆነ ግን ዘዴው ቢለያይም ሜታል ላይ ታይትሬት ማድረግ ነው፣ 3 በመቶ የሚያራርቅ ነገር የለውም። ለሌላ ሪኤጀንት እንደዚህ ብለህ አትድፈር፣ አሴዩ በክሮማቶግራፊ ተሰርቶ አንተ በታይትሬሽን ከለካኸው ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው የሚያዩት፣ አብሮት ያለ ሌላ አሲድ ለምሳሌ ታይትሬሽኑ ላይ እንደ ዋናው ይቆጠራል።

"ሌላ ደንበኛ ቅሬታ አላቀረበም" ለሚለው መልስ አልሰጠንም፣ ሌላው ደንበኛ ለክቶት እንደሆነ አናውቅም።

ከዛው ሎት ሌላ ጠርሙስ እንላክላችሁ ካሉ እምቢ በሉ። እሺ ካላችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይሄድና እዛው ናችሁ።

ስንት ቀን አለኝ?

ትንሽ ነው ብለህ አስብ። ውልህ ላይ የቅሬታ ጊዜ ተጽፎ ከሆነ እሱ ነው የሚገዛው፣ ካልተጻፈም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ እቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ስምንት ወር ተቀምጦ ከተከፈተ በኋላ የሚጻፍ ኢሜይል ደካማ ነው፣ ያኔ የአቀማመጡ ክርክር በርግጥም ክብደት አለው።

የመንግስት መስሪያ ቤት ያላችሁ ደግሞ ሞዴል 19 ላይ ተጠንቀቁ። እቃ ግምጃ ቤቱ የሚቆጥረው ጠርሙስ ነው፣ 12 ታዘዘ 12 መጣ ብሎ ሞዴል 19 ይቆርጣል፣ ከዛ ክፍያ ይሄዳል። ፒዩሪቲ በአይን አይታይም። እቃውን የሚረከበው ኮሚቴ ውስጥ የላብ ሰው ገብቶ ከሎቱ አንድ ጠርሙስ ሳይፈተሽ ሞዴሉ እንዳይቆረጥ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከተቆረጠ በኋላ ከሆነ የታወቀው፣ ኢሜይሉን ለግዥና ለፋይናንስ ኮፒ አድርጉት፣ የውል ማስከበሪያው ገና ካልተለቀቀ እንዳይለቀቅ።

ኢሜይል በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ?

አቅራቢው አዲስ አበባ ከሆነ በአማርኛ፣ ሽያጩ ላይ ያለው ሰው ቶሎ ይገባዋል ስልክም ይደውላል። አምራቹ ውጭ ስለሆነ ግን የምርመራውን ገጽ በእንግሊዝኛ ለብቻው አያይዙ፣ እሱን ሳይተረጉሙ እንዲልኩት። ስልክ ከደወሉ አውሩ፣ ግን ስልኩ እንደተዘጋ "አሁን በስልክ እንደተነጋገርነው" ብላችሁ የተባለውን በኢሜይል ጻፉ። እኛ ቅናሹ በስልክ ነው የቀረበልን፣ እምቢታችንን በጽሑፍ ነው ያስቀመጥነው።

እስከዛ ጠርሙሶቹን ምን ላድርጋቸው? ስራ እኮ አይቆምም

ቀይ ወረቀት ላይ "አይነካ" ጽፋችሁ ለብቻ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፉ። አንዱን እንኳ ከተጠቀማችሁ ነገ "ታዲያ እየሰራችሁበት አይደል" ይባላል። እኛ በድሮው ግማሽ ጠርሙስ ነበር የምንሰራው፣ ለሃርድነስ በሊትር 3.7 ግራም ገደማ ስለሆነ የሚገባው በደንብ አቆየን፣ ለሌላው ስራ ደግሞ ከጎረቤት ላብ 100 ግራም ተበደርን።

በአዲሱ ሎት የወጣ ውጤት ካለ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጣችሁ እዩ። ስታንዳርዳይዝ የተደረገ ከሆነ ውጤቱ ልክ ነው፣ 0.01 ነው ተብሎ የተሰላ ከሆነ ግን እንደገና አስልታችሁ ለደንበኛው የተስተካከለውን ስጡ። ይሄን ሳታደርጉ ከአቅራቢ ጋር መከራከር ልክ አይመስለኝም።

መጨረሻው ምን ሆነ?

ክርክሩን የቋጨው ሁለተኛው ጥያቄያችን ነው፣ እዚህ አገር ተከፋፍሎ ነው ወይ የሚለው። ፎቶውን ለማያያዝ ስናነሳ ነው ያስተዋልነው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ሌብል የአቅራቢው ብቻ ነው፣ ክዳኑ ላይም የአምራቹ ማህተም የለም። ለካ በባለ 25 ኪሎ በርሜል ተገዝቶ እነሱ ስቶር ውስጥ ወደ ባለ 500 ግራም ጠርሙስ ተገልብጧል። ሰርተፊኬቱ እውነተኛ ነው ግን የሚናገረው ፋብሪካ ውስጥ ስለታሸገው በርሜል ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ስለገባው አይደለም። አምራቹ ያስቀመጠውን ናሙና መርምሮ ከ99 በላይ ነው ብሎ መለሰ፣ ያኔ ችግሩ ከበርሜሉ በኋላ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ሲገለበጥ ምን እንደተፈጠረ አልነገሩንም፣ እኛም አልገፋነውም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አምራቹ ራሱ ያሸገው፣ ማህተሙ ያልተነካ 12 ጠርሙስ ከሌላ ሎት መጣልን፣ የድሮዎቹን በዛው መኪና መልሰው ወሰዱ። አዲሱን በመጣበት ቀን ለካነው፣ 99.5 ነው። አሁን የግዥ መጠየቂያችን ላይ "በአምራቹ እንደታሸገ፣ ከጠርሙሱ ሎት ቁጥር ጋር የሚመሳሰል ሰርተፊኬት ያለው፣ ተከፋፍሎ የታሸገ ተቀባይነት የለውም" የሚል መስመር ተጨምሯል፣ የሚያስፈልጋችሁ እንዳለ ገልብጡት።